ደንበኛ የሌለው በርበሬ

«ማን አዘዘሽ?»

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አባቴ ይጠይቃል፣ ወንድሜ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ኮምፒውተሬ ላይ የበርበሬ ማሸጊያ ያያሉ፣ «ያምራል» ይላሉ፣ ወዲያው ደግሞ «የማን ነው? ማን አዘዘሽ?» ይከተላል። ማንም አላዘዘኝም ስላቸው የሚያዩኝ አስተያየት ያንገበግበኛል። ሳይታመም መድኃኒት የሚውጥ ሰው ያዩ ነው የሚመስላቸው።

ርሆቦት እባላለሁ። አባቴ አቶ ማኑሄ ቀራንዮ ውስጥ የእህል ሱቅ አለው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በርበሬ በዛላውም ተፈጭቶም፣ ለከብት ደግሞ ፉርሽካ ይሸጣል። አያቶቼ ከሃዲያ መጥተው ኮልፌ ከከተሙ ጊዜ ጀምሮ የእኛ ቤት ሰው ወይ ይሸጣል ወይ ይገዛል፤ ሌላ ሙያ አናውቅም። ሌላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌብል እሠራለሁ፤ ማለትም የታሸገ ምግብ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት። ስሙ እንዴት ይጻፍ፣ ክብደቱ የት ይቀመጥ፣ ቀለሙ ምን ይሁን የሚለውን።

አባቴ ይህንን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ሱቁ ውስጥ አብራው ትሠራ የነበረችው ሠራተኛ አግብታ ሄዳለች፤ ቦታውን ለእኔ ይዞት ነው የቀረው። «ከፋሲካ በኋላ ትገቢያለሽ» አለኝ። «እስከዚያ ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራሽ አንድ ሰው ካገኘሽ ዝም እላለሁ። አንድ ሰው ብቻ።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲለኝ እንኳ ሻይዬን እያማሰለልኝ ነበር። ግን አንድ ሰው ማግኘት ቀላል መሰለው።

ቀላል አይደለም። ሥራ ስትጠይቂ «የሠራሽውን አሳዪን» ይሉሻል። የሠራሽው እንዲኖር ደግሞ መጀመሪያ ሥራ የሚሰጥሽ ሰው መኖር አለበት። ይህን ነገር ማን እንደፈጠረው ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ «ሁሉንም እሠራለሁ» ብዬ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ከርሜያለሁ። የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ባነር፣ ሎጎ፣ ቲሸርት፣ ምኑ ቅጡ። አንድም ሰው አልመጣም። ለምን ይመጣል? እኔ ራሴ ጥርሴን ሲያመኝ ጥርስም ዓይንም ጎማም አያለሁ ከሚል ሰው ዘንድ አልሄድም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ፤ ለትንንሽ አምራቾች የምግብ ሌብል። ኮልፌ ውስጥ በየጓሮው ሽሮ ይዘጋጃል፣ በየቤቱ በሶ ይፈጫል፣ ከዚያ በላስቲክ ተቋጥሮ ሱቅ ይሄድና ከሌላው ላስቲክ ጋር ይደባለቃል። ሥራው አለ። ያጣሁት የሚያምነኝ ሰው ነው። ያንን ሰው እስካገኝ ደግሞ ደንበኛ እንዳለኝ አድርጌ ለራሴ ሥራ ማዘዝ ነበረብኝ።

ሦስት ናሙና ልሠራ ወሰንኩ፤ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ትእዛዙን ራሴ ጻፍኩ። አምራቹ ማን ነው? ገዢው ማን ነው? የሚሸጠው ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው ወይስ የሰፈር ሱቅ? ለማሳተሚያ ምን ያህል አቅም አለው? እነዚህን ሳይመልሱ ኮምፒውተር መክፈት መጫወት እንጂ መሥራት አይደለም። ገዢዬ የሰፈር ሰው፣ መሸጫዬ የሰፈር ሱቅ፣ አምራቼም ብዙ ማውጣት የማይችል ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌብሉ ተራ ነጭ ስቲከር ላይ፣ በትንሽ በትንሹ የሚታተም መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ ወንድሜ አማኑ ገባ። አማኑ ጦር ኃይሎች ሰፈር ስልክ ይሸጣል፤ ስልክ ስለሚሸጥ የማያውቀው ነገር የለም።

«የሰፈር ቡድናችንን ባነር ጨምሪበት» አለኝ። «ባለፈው የሠራሽልንን። ለብዛት።»

«ባነር አላስገባም። በሶ የሚያሽግ ሰው የኳስ ባነር ምን ያደርግለታል?»

«እንደምትችዪ ያያል።»

«ባነር እንደምችል ያያል! እሱ የሚፈልገው በሶ ነው!»

ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረው። የሥራዎቼን ማሳያ ገጽ ነበር የከፈትኩት፤ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን። ከእያንዳንዱ ሥራ በላይ አንድ መስመር ጽፌያለሁ።

«ይቺን ደግሞ አጥፊያት» አለ።

«የቷን?»

«‹በራሴ ተነሳሽነት የተሠራ ናሙና፤ ደንበኛ የለውም።› ራስሽን ነው እንዴ የምታጋልጪው?»

«እውነቱ ነዋ።»

«እውነቱን ማን ጠየቀሽ? ‹ለእገሌ ድርጅት የተሠራ› በይና እለፊው። ማን ያጣራል?»

«የሚያሠራኝ ሰው ያጣራል! ‹እገሌን በስልክ አገናኚኝ› ቢለኝ ማንን ላገናኘው ነው፣ አንተን?»

«እኔን አገናኚው» አለ፣ ከልቡ ነው። ከክፍሌ አስወጣሁት። መስመሯም አልተነካችም። የማይኖር ደንበኛ ስም ከምጽፍ፣ እንዴት እንዳሰብኩ ባሳይ ይሻለኛል፤ ችግሩ ምን እንደነበር፣ መጀመሪያ ምን እንደሞከርኩ፣ ምን እንዳልሠራ፣ ለምን እንደቀየርኩት። ስም መዋሸት ይቻላል፤ ይህን ግን ሳይሠሩ መጻፍ አይቻልም።

የማይሠራ ነገር ደግሞ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሌብል አትሜ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ላይ ለጠፍኩና እትዬ ትርንጎ ሱቅ ወሰድኩት። እትዬ ትርንጎ ከቤታችን ማዶ ሱቅ ያላቸው የጎጃም ሴት ናቸው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ያውቁኛል። እዚያ ገዢ ወደ ውስጥ አይገባም። ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል። እቃው ደግሞ ከእሳቸው ጀርባ፣ አንዲት አምፖል በምታበራው መደርደሪያ ላይ ነው።

«ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ፣ እሳቸው ከደጅ ቆመው፣ እኔ ከውስጥ።

«ሽሮ ይላል።»

«የት ጋ?»

«እዚህ፣ በወርቃማው።»

«እኔስ ወረቀት ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ሁለት ቀን የደከምኩበት ወርቃማ ፊደል ነበር። ስክሪን ላይ ንጉሥ ነው፤ አምፖሉ ሥር ሲገባ ጠፋ። ቤቴ ተመልሼ ስሙን ብቻውን፣ በጥቁር፣ ነጭ መደብ ላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል አድርጌ ጻፍኩት። ክብደቱንም አጎላሁት፤ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሁሌ የሚጠይቁት እሱን ነው። ለተመረተበትና ለሚያበቃበት ቀን ባዶ ቦታ ተውኩ፤ ትንሽ አምራች ያንን በእጁ ወይም በማኅተም ነው የሚሞላው። ቀጥሎ ደግሞ ከረጢቱ ሲሞላ ሆዱ ተነፍቶ የሌብሉ ጠርዝ መላቀቅ ጀመረ፤ አጠበብኩት። በጠርዙ ያደረግሁት ቀይ ቀለም ሲታተም ወደ ቡናማ አደላ፤ ቀየርኩት። ጦር ኃይሎች ያለው አታሚ «ለሦስት ፍሬ ስቲከር ይህን ሁሉ ጊዜ የምትመላለሺው ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። እሱም «ማን አዘዘሽ?» ሊለኝ አፉ ላይ እንደነበር አውቃለሁ።

ለመጨረሻው ፎቶ ከረጢቶቹ ሙሉ መሆን ነበረባቸው። ባዶ ከረጢት ይጨማደዳል፣ ያስታውቃል። እውነተኛ በርበሬ እንዳልሞላ ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞስ ለፎቶ ምግብ ማባከን ምን ይሉታል? ከረጢቱ ውስጡን አያሳይም። ስለዚህ ከአባቴ ሱቅ ፉርሽካ ወስጄ ሦስቱንም ሞላሁና አፋቸውን በካውያ አሸግሁ። ስልክ ቁጥርም የግድ ነው፣ ስልክ የሌለው ሌብል ሐሰት ይመስላል። ዝም ብዬ ቁጥር ብፈጥር የአንድ ምስኪን ስልክ ሊሆን ይችላል ብዬ የራሴን አደረግሁ። በጣም የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ትርንጎ መደርደሪያ ላይ ደርድሬ ፎቶ ሳነሳ ደመነ። ጥሩ ብርሃን የሚገባው ጠዋት ነው።

«እዚሁ ይደሩ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ሱቄን አሳመሩልኝ።»

«ይደሩ፣ ግን አይሸጡም እሺ? ለፎቶ ብቻ ናቸው።»

«እሺ እሺ።»

«የምሬን ነው እትዬ። ሰው ቢጠይቅዎትም አይሸጥም ይበሉ።»

«እሺ አልኩ እኮ የኔ ልጅ!»

«ለማንም።»

ሳቅ አሉና ጉንጬን ዳበሱኝ። ያን ሳቅ ያኔ ባውቀው ኖሮ ከረጢቶቹን ታቅፌ ቤቴ እሄድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፎቶውን ከማንሳቴ በፊት አታሚው ዘንድ ደርሼ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«እናንተ በርበሬ የምትሸጡት ናችሁ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«አይ፣ ተሳስተዋል አባቴ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የደወልኩት።»

«የምን ወረቀት?»

«የበርበሬው ነዋ! ሽንኩርቱ ላይ ጨመርኩት፣ አማሰልኩት፣ ውኃ ጨመርኩ። እስካሁን አልቀላም። ምን ያህል ነው የሚበስለው?»

«አይብሉት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሰውየውም ደንግጠው ዘጉት። መልሼ ብደውል አያነሱም።

እትዬ ትርንጎ ሱቅ ስደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው። እሳቸው ፊታቸው በርቷል።

«እልል በይ! ሦስቱም ሄዱልሽ፣ ገና ሱቅ ከመክፈቴ!»

«እትዬ፣ አይሸጡም ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሽኛል።»

«ሦስት ጊዜ!»

«አዎ፣ ይሉኝታሽን አውቀው የለ? ‹ይሽጡልኝ› ማለት ከብዶሽ ነው አልኩ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እኮ ከረሜላ ስሰጥሽ ‹አልፈልግም› ብለሽ እጅሽን የምትዘረጊ ልጅ ነሽ። ንግድ ጀምረሽ ጎረቤት እጅሽን ካልፈታልሽ ማን ይፈታልሻል?»

እንዲህ ዓይነት ደግነት ምን ይደረጋል? ብናደድባቸው ግፍ ነው፣ ባልናደድባቸው እኔ እፈነዳለሁ። ፉርሽካ መሆኑን ስነግራቸው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። በርበሬውን የገዙት አቶ ደመቀ እንደሆኑ ነገሩኝ፤ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው። ሽሮውን የወሰደችው ከጀርባ ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ናት። በሶውን ግን አላፊ አግዳሚ ነው የገዛው። ያ ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም፤ አልደወለምም። በጥብጦ ጠጥቶት ይሆናል።

አቶ ደመቀን ፍለጋ ልወጣ ስል አማኑ ደወለ። «አባዬ ሱቅ ቶሎ ነይ» አለ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

አቶ ደመቀ፣ በርበሬ የሚያውቅ ሰው ይይልኝ ብለው ድስታቸውን ይዘው መጥተዋል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውታል፤ ውስጡ ግራጫ ነገር ረግቷል። አጠገቡ የተከፈተው ከረጢት፣ የእኔ ሌብል ፊት ለፊት እያየኝ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ዛላ በርበሬ ልትገዛ የመጣች ወይዘሮ ሸዋገነት ቆማለች፤ ከቀራንዮ ወዲያ ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ባልትና የምታዘጋጅ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት። አባቴ ከከረጢቱ ቆንጠር አድርጎ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ምላሱ ላይ አላስነካውም። አላስፈለገውም።

«ይሄ የእኔ ፉርሽካ ነው» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። አባቴ በዚህ ሰፈር ያለው ሀብት እህሉ ንጹሕ ነው መባሉ ብቻ ነው። ጤፉን ሰው ሳያበጥር ይወስዳል። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎችን ወሬ በሰማ ቁጥር ምግብ አይበላለትም። አሁን የገዛ ልጁ ፉርሽካውን በርበሬ ብላ ለዓይነ ደካማ ሽማግሌ ሸጣለች።

«አባዬ፣ አልሸጥኩም። ናሙና ነው።»

«የምን ናሙና?»

«የሌብል። ወረቀቱ ነው ሥራዬ። ውስጡ ያለው ከረጢቱን ለመሙላት ብቻ ነው።»

«ታዲያ በርበሬው የት አለ?» አሉ አቶ ደመቀ።

«በርበሬ የለም።»

«እዚህ ላይ በርበሬ ይላል እኮ።»

«ይላል፣ ግን በርበሬው የለም። በርበሬ ቢኖር ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው የሠራሁት።»

«ለማን ለማሳየት?»

«በርበሬ ላለው ሰው!»

«ማን አዘዘሽ?»

ያን ጊዜ ማልቀስ አማረኝ። ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩና ለአባቴ ሰጠሁት፤ ‹በራሴ ተነሳሽነት የተሠራ ናሙና፤ ደንበኛ የለውም› የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። አቶ ደመቀ «ደንበኛ የለውም? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?» አሉ። አማኑ ከበሩ ሥር በሳቅ ተንፈቀፈቀ። ዞሬ ሳየው ውጭ ወጣ።

አባቴ አዲስ ከረጢት አወጣ፣ ከተፈጨው በርበሬ ሚዛን ላይ አደረገ፣ ሌብሉ ላይ የተጻፈውን ክብደት በደንብ አየና ያንኑ ያህል፣ ትንሽም ከፍ አድርጎ ሞላላቸው። «ይቅርታ አቶ ደመቀ» አለ። «ድስቱን እዚህ ይተውት፣ እኛ እናጥበዋለን።» ሽሮውን አስተማሪዋ እንደገዛችው ስነግረው «የእሷንም አሁኑኑ እልካለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በእጅሽ የጻፍሽው ነገር ውስጡ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ሌላው ሁሉ ለእኔ ተረት ነው።» ፊቴ ነደደ። እውነቱን ነው፤ ግን እውነቱን ስላለ ብቻ ንዴቴ አልወጣልኝም።

አቶ ደመቀ ከረጢቱን ተቀብለው ቆሙ። የተናደዱ አይመስሉም ነበር፤ ግራ ገብቷቸዋል።

«ቀለል ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ስይዘው ቀለል ብሎኝ ነበር። ግን ፊደሉን አመንኩ። መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ እትዬ ትርንጎ ሱቅ የተደረደረው ሁሉ ለእኔ አንድ ላስቲክ ነው። ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ምንድን ነው› እያልኩ ስጠይቅ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ዛሬ ግን ከደጅ ሆኜ በርበሬ የሚለውን ራሴ አነበብኩ። ራሴ ጠቁሜ ገዛሁ።»

አፍሬ መሬት ማየት ነበረብኝ። ደስ አለኝ። ድስት ሙሉ ፉርሽካ ፊቴ ተቀምጦ፣ አባቴ ስሙ ሊጠፋ ደርሶ፣ እኔ ውስጤ ጨፈረ። የመዳፍ ስፋት ያደረግሁት ለእሳቸው ነበር፤ አላውቃቸውም እንጂ ለእሳቸው ነበር።

ወይዘሮ ሸዋገነት እስከዚህ ድረስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትሰማ ቆይታ አሁን ፈነዳች።

«ቆይ! ይሄ ፉርሽካ እትዬ ትርንጎ ሱቅ ነው የተሸጠው?»

«አዎ» አልኳት።

«የእኛ በርበሬ አጠገብ?»

አስታወስኩ። መደርደሪያው ላይ፣ ከከረጢቶቼ በስተግራ፣ አፋቸው የተቋጠሩ ላስቲኮች ነበሩ። የማን እንደሆኑ ምንም አይልም። ፎቶዬን እንዳያበላሹ ገፋ ያደረግኋቸው እነሱን ነው።

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ እዚያ ተቀምጠዋል!» አለች። «ዛላውን ለቅመን፣ ቀንጥሰን፣ አድርቀን፣ ኮረሪማው ሳይቀር ተለክቶ የገባበት! አንድ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። የአንቺ ፉርሽካ ግን በአንድ ጠዋት? እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ይሄ ግፍ አይደለም?»

«ነው» አልኳት።

ከረጢቱን ከባንኮኒው ላይ አነሳችው። አገላበጠችው። ለቀኑ የተተወውን ባዶ ቦታ በጥፍሯ ነካችው፤ «እዚህ ምን ይገባል?» አለች። ነገርኳት። ስልኬን ከአባቴ እጅ ተቀብላ መጀመሪያ የሞከርኩትን፣ ወርቃማውንና የማይነበበውን፣ ለምን እንደጣልኩት የጻፍኩትን ሁሉ ቆማ አነበበች። ቸኩላ አይደለም።

«አቶ ማኑሄ» አለች በመጨረሻ፣ «ልጅዎ በርበሬ ላይ እጇን አታስገባ። በርበሬ እኔ አለኝ። የጎደለኝ ይቺ ወረቀት ናት።» ወደ እኔ ዞረች። «ስሙን ብቻ ቀይሪና ይሄንኑ ስጪኝ።»

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል መጣ፣ እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ይሄንኑማ አልሰጥዎትም።»

«ለምን?»

«ይሄን የሠራሁት በግምት ነው። አምራቹንም ገዢውንም ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው። የእርስዎን በርበሬ ማን ነው የሚገዛው? ሽሮም ድልህም አላችሁ? ሁሉም አንድ ቤተሰብ መምሰል አለባቸው። ውስጡ ምን ምን እንደሚገባ፣ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው ስም ምን እንደሆነ፣ በምን ከረጢት እንደምታሽጉ ሳላውቅ አልጀምርም።»

አየችኝ። «ይሄን ሁሉ ትጠይቂያለሽ?»

«እጠይቃለሁ።»

«ጥሩ። ነገ ማዘጋጃችን ድረስ መጥተሽ ታያለሽ።» ከዚያ ሳቅ ብላ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። «መቼም ልጃችን ነሽ፣ እኛን ክፈሉኝ አትዪንም። እግረ መንገድሽን ስም ታገኚበታለሽ።»

አፌን ከፈትኩ። እግዜር ይይልኝ፣ «ግድ የለም» ልላት ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ እውነተኛ ሰው፣ በገዛ እግሩ መጥቶ ሥሪልኝ ብሎኛል፤ በነጻ አይደለም ከኪሴም ጨምሬ እሠራላት ነበር። አባቴ ያለው ግን ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራሽ ነው። እሱንም አውቀዋለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

«ወይዘሮ ሸዋገነት» አለ አባቴ።

ሚዛኑን እየጠረገ ነበር። ቀና አላለም።

«አቤት።»

«ያን ለቅመው ቀንጥሰው አድርቀው ያዘጋጁትን በርበሬ፣ ጎረቤት ነኝና በነጻ ይሰጡኛል?»

«ምን በወጣኝ አቶ ማኑሄ!»

«እሷስ ምን በወጣት? ክፍሏ ተዘግታ ስትቀጥልና ስትቀዳድድ፣ ጦር ኃይሎች ስትመላለስ እኮ እኔ ነኝ ያየኋት።» ጨርቁን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ዋጋሽን ንገሪያቸው።»

ዋጋ። ሦስት ምርት፣ የማይኖር አምራች፣ የማይኖር ገዢ፣ ሁሉንም ፈጥሬያለሁ፤ ዋጋ የሚባል ነገር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝን ቁጥር ጠራሁ።

«ውይ! ይሄማ በዛ!» አለች ወይዘሮ ሸዋገነት።

«አነሰ እንጂ» አለ አባቴ፣ በእኔ እየተናደደ። «እንዲህ ተብሎ ዋጋ ይጠራል? ለወረቀት፣ ለታክሲ፣ ለቀኑ ምን ቀረሽ? ይህን ሁሉ ስታውቂ ይቺን አታውቂም?»

«አባዬ፣ ሥራው የእኔ ነው፣ እኔ...»

«አንቺ ዝም በይ!» አሉኝ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ክርክሩ ተጀመረ። እሷ የማኅበራቸውን አቅም ማነስ፣ ጾሙን፣ የኑሮ ውድነቱን ጠራች፤ እሱ ሽሮውንና ድልሁን ለየብቻ ቆጠረባት፤ ቅድሚያ ክፍያ የሚባል ነገር ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ። ጤፍ ሊገዙ የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ማንም አያስተናግዳቸውም። አቶ ደመቀ እንኳ አዲሱን በርበሬያቸውን ታቅፈው አልሄዱም፤ «ፊደሉ ግን እንዳያንስ» እያሉ በመሃል ይገባሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። በንዴት ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ በጤፍና በስንዴ ሲከራከር ስሰማው ነው ያደግሁት፤ በእኔ ሥራ ግን ሲከራከር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እስኪጨርሱ ድረስ በር ላይ ለቆሙት ጤፍ መዘንኩ።